ሠላሳ ጥቅል

«እጁ ሲወጣ ባዶ ነበር ወይስ የያዘው ነገር ነበር?»

እህቴ ይህን የጠየቀችኝ ከቤታችን ጀርባ፣ ልብስ በሚሰጣበት ገመድ ሥር ነው። በሁለታችን መካከል የተሰጣ እርጥብ አንሶላ ይንጠባጠብ ነበር። መልሱን አላውቀውም ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ግን አላውቅም ማለት አትወድም፣ በተለይ ታላቅ እህቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ትልቅ ሰው ቆጥራ ስትጠይቃት። ስለዚህ መለስኩላት።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የቀን ሠራተኛ ነበር። ጠዋት ወጥቶ ሥራ ካገኘ ማታ ገንዘብ ይዞ ይገባል። ካላገኘ እጁን ኪሱ ከቶ ይገባና ማንም ሳይጠይቀው ይተኛል። እኛም የምንኖረው በቀን ነበር። ዘይት በሲኒ፣ ስኳር በወረቀት ጠቅልለን፣ ከሰል በጣሳ። ነገ የሚባለው ነገር ለቤታችን እንግዳ ነበር። ቢመጣም የሚቀመጥበት ወንበር አልነበረንም።

ታዲያ በዚያ ዓመት ሳሙና ፋብሪካው አባቴን በቋሚነት ቀጠረው። ሥራው የማፍያውን እሳት መጠበቅ ነበር። የመጀመሪያው ሰሞን እናቴ እየሳቀች «ባለ ደመወዙ፣ እግርዎን ይታጠቡ» ትለው ነበር፣ አንቱ እያለች። እሱም «ውሃው ይሙቅልኝ» ብሎ ይኮፈስ ነበር። ማታ ሲገባ ቤቱ ሁሉ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ሀብታም መሆን ማለት ይህ ሽታ ነው ብዬ አምን ነበር።

ችግሩ ደመወዝ የሚከፈለው ወር ሲሞላ መሆኑ ነው። ያን ወር እንዴት እንደኖርን እናቴና ባለ ሱቁ ያውቃሉ። እናቴ ቀለበቷን ሸጣ ነው የዘለቅነው። ቀለበቷ የት ገባ ብዬ ስጠይቃት «ጣቴ ወፍሮ ጠበበኝ» አለችኝ። ጣቷን አየሁት፤ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ ነበር። ግን እናቴ ነችና አመንኳት።

የደመወዙ ቀን ማክሰኞ ነበር። እናቴ ይዛኝ ሄደችና ከፋብሪካው በር ከሌሎች ሚስቶች ጋር ቆምን። ሴቶቹ በየወሩ የሚገናኙ ነበሩና ወሬያቸው ደርቷል። አንዷ ባሏን በሩ ላይ ካልያዘችው ገንዘቡ ከእሷ በፊት መጠጥ ቤት እንደሚደርስ እየተናገረች ታስቃቸዋለች። በብረቱ በር ክፍተት ውስጡ ይታየኝ ነበር። ሠራተኞቹ ተሰልፈዋል። በትንሿ መስኮት በኩል ገንዘብ ከፋዩ ስም ይጠራል፣ ፔሮሉን ይገለብጣል፣ ፊርማ ያስፈርማል፣ ቡናማ ፖስታ ይሰጣል። አባቴ ፊደል ስለማያውቅ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። ገንዘብ ከፋዩ ፖስታው ላይ የተሰፋችውን ቁራጭ ወረቀት በጣቱ እየጠቆመ የሆነ ነገር ሲነግረው አየሁ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ሰማ። ከዚያ እንደገና ሊጠይቅ አፉን ከፈተና ወደ ኋላው ሰልፍ ዞሮ አየ። ሳይጠይቅ ወጣ።

«ሞላ?» አለችው እናቴ።

አውራ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። ወይን ጠጁ ቀለም አልለቀቀውም።

«ሞልቷል» አለ።

ያቺ ቁራጭ ወረቀት አሁን እኔ ዘንድ ናት። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ባለፈው ወር መምህራችን፣ ዕድሜዋ ከልጄ የማይበልጥ ልጅ፣ ከየቤታችን ጽሑፍ ያለበት ወረቀት እንድናመጣ አዘዘችን። አንዱ የመብራት ደረሰኝ አመጣ፣ ሌላዋ የመድኃኒት ካርቶን። እኔ ከእናቴ ሣጥን የአባቴን ፖስታ አወጣሁ። በሌሎቹ ፊት በጣቴ እየተከተልኩ፣ ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመርኩ። የወር ደመወዝ፣ ስድስት መቶ። የሠሩበት ቀን፣ ሃያ ሰባት። እዚህ ላይ ቆምኩ። መምህርቷ የተቸገርኩ መስሏት «ጎበዝ፣ ቀጥይ» አለችኝ። ቀጠልኩ። ለሃያ ሰባት ቀን፣ አምስት መቶ አርባ። የገቢ ግብር፣ አርባ ሦስት። ጡረታ፣ ሠላሳ ስምንት። የተጣራ ተከፋይ፣ አራት መቶ ሃምሳ ዘጠኝ።

አባቴ ሥራ የገባው ወሩ በባተ በአራተኛው ቀን ነበር። ሦስቱ ቀን አልተከፈለውም። ስድስት መቶ የጠበቀ ሰው ያን ያህል ጎድሎበት ነው «ሞልቷል» ብሎ የወጣው።

ያን ዕለት ማታ ግን እኛ የምናውቀው የተሰፋ ፖስታ መምጣቱን ብቻ ነበር። ሁሉም ድርሻውን በልቡ ይዞ ነው የተቀመጠው። እናቴ ጣሪያው ከክረምት በፊት ቆርቆሮ ይፈልጋል አለች። እኔ ስለ ጫማ አሰብኩ። እህቴ ግን የመጣችበት ነገር ሌላ ነበር። የጤና ረዳት ኮርስ ፈተና አልፋለች፣ ስሟ በር ላይ ተለጥፏል። የሚቀራት የመመዝገቢያ ሃምሳና የቅጹ አንድ ነው። ምዝገባው በሚቀጥለው ወር በሃያ ስምንት ይዘጋል። አባቴ ከፈተናው ቀን ጀምሮ «ዶክተሯ» ይላት ስለነበር እንደማይነፍጋት እርግጠኛ ነበረች።

አባቴ ሁላችንንም እስከ መጨረሻው ሰማን። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«እኔ ይህን ገንዘብ ለሰው አላካፍልም። ለቀን ነው የማካፍለው። እስከ ዛሬ የበላን ሰው አይደለም፣ ቀን ነው የበላን።»

እናቴን ቤቱ በደህና ለማደር በቀን ስንት ይበቃዋል ብሎ ጠየቃት። እሷ ጣቷን እያጠፈች አሰበች። ለኪራይ በቀን አምስት በጣሳ ብትጥል ወሩ ሲያልቅ ይሞላል፣ የቀረው ለምግብ፣ ለጋዝና ለውሃ። ካጠበቅን አስራ ሰባት ይበቃል አለች። አባቴ ኖቶቹን ባለ ሱቁ ዘንድ ወስዶ አዘርዝሮ መጣ። «ቀን ላድል ነው፣ ውጡልኝ» ብሎ አስወጣንና በሩን ዘጋ። የጋዜጣ ወረቀት ሲቀደድና ሳንቲም ሲጋጭ ከውጭ ሆነን ሰማን። ብዙ ቆየ። እህቴ «ሰውዬው ባንክ ከፈተ እንዴ?» ብላ አሳቀችን።

ስንገባ የብስኩቱ ቆርቆሮ ሣጥን ጠረጴዛው ላይ ክፍት ሆኖ ተቀምጧል። ውስጡ ጥቅል ጥቅል የጋዜጣ ወረቀት ተደርድሯል፣ አስር አስር ሆኖ በሦስት ረድፍ። እያንዳንዱ ጥቅል ውስጥ አንድ ባለ አስር፣ አንድ ባለ አምስትና ሁለት የብረት አንዶች አሉ ተባለ። አባቴ በጣቱ እየነካ «ይህ ነገ ነው፣ ይህ ከነገ ወዲያ ነው፣ ይህ ሐሙስን የሚቀጥለው ዓርብ ነው» እያለ አሳየኝ። ሣጥኑን ቆለፈና ቁልፉን በክር አስሮ አንገቴ ላይ አጠለቀው። እናትሽ እጇ ለስላሳ ነው፣ እህትሽ ጉዳይ አላት፣ እኔ ደግሞ ራሴን አላምንም፣ አንቺ ግን ማውጣት አታውቂም አለኝ። በየማለዳው አንድ ጥቅል ብቻ ለእናቴ እንድሰጥ ታዘዝኩ።

እስከ ሠላሳ መቁጠር የቻልኩት በዚያ ሣጥን ነው። ነገር ግን የተረዳሁት በልጅ አእምሮዬ ነበር። ቀኖቹ ሣጥኑ ውስጥ ያሉ መሰለኝ። አባቴ ፋብሪካ ሄዶ ቀን ገዝቶ መጣ፣ እኔ ጠዋት አንዱን ሳወጣ ያ ቀን ይነጋል። አንድ ጥቅል ከጠፋ በዚያ ቀን አንነቃም። ማታ ማታ ቁልፉን አፌ ውስጥ አድርጌ የተኛሁባቸው ጊዜያት ነበሩ።

እህቴ በሦስተኛው ቀን አባቴን ለብቻው ለመነችው። እኔ ምድጃው አጠገብ ነበርኩ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ጥቅሎች ስጠኝ አለችው። ልክ ሃምሳ አንድ ይሆናሉ። ወሩ ሲያልቅ ያሉትን ሦስት ቀኖች እንቻላቸው፣ እኔ ምግብ አልቀምስም አለች። አባቴ ፊቱ ተለዋወጠ። የተቆጣ መሰለኝ። ዛሬ ሳስበው የደነገጠ ሰው ፊት ነበር።

«ቀን አይነካም» አላት።

«ምዝገባው ግን ይዘጋል፣ አባባ።»

«ቀኑ ሲደርስ እናያለን።»

አባቴ እጁ ላይ ያልያዘውን ነገር ቃል የማይገባ ሰው ነበር። የቀን ሥራ እንዲህ አድርጎት ነው። ነገ ሥራ አለ ብሎ ቤቱን አስደስቶ በማግስቱ ባዶ እጁን የገባባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። «እናያለን» በእሱ አፍ ትልቅ ቃል ነበር። በእህቴ ጆሮ ግን እምቢ ማለት ነው። ለአስራ ሰባት ዓመት ሴት ልጅ ይህን የሚተረጉምላት ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ቤታችን ውስጥ ግን አልነበረም።

እሁድ አባቴ አያርፍም ነበር። ተራዬ ደርሶ ነው እያለ ማለዳ ይወጣል፣ የድሮውን ሲሚንቶ የጠጣ ኮቱን ለብሶ። ለምን አዲሱን ቱታ እንደማይለብስ አልጠየቅኩም። ማታ ሲመለስም ሳሙና አይሸትም ነበር። አቧራና ሽንኩርት ይሸታል። አንድ ጊዜ እናቴ ኮቱን ስታራግፍ ከኪሱ የደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ወደቀ። አንስታ በጣቶቿ መካከል አሸችውና መልሳ ኪሱ ውስጥ ከተተችው። እኔ ፋብሪካው እሁድ እሁድ የሽንኩርት ሳሙና የሚሠራ መስሎኝ ነበር።

የመጨረሻው እሁድ ሃያ ስድስት ነበር። አባቴ ከወትሮው ቀደም ብሎ ገባ። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች። «ቁልፉን አምጪ፣ አንቺም ደጅ ተጫወቺ» አለኝ። ሰጠሁት። ነገር ግን አልሄድኩም። ሣጥኑ የእኔ ኃላፊነት ነውና በበሩ ማጠፊያ በኩል ባለው ስንጥቅ አየሁ። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ከሦስተኛው ረድፍ የመጨረሻውን ጥቅል አንስቶ ፈታው። ትከሻው ጋረደኝ እንጂ ምን እንዳደረገ አላየሁም። መልሶ ሲጠቀልለው ግን በቀኝ እጁ መዳፍ ላይ ሁለት ክብ ነገሮች ብልጭ አሉ። ጨበጣቸውና ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታቸው።

አባቴ ቀን ሰረቀ ብዬ ደነገጥኩ።

ያን ዕለት ወደ ማታ ነው እህቴ አንሶላው ሥር የጠራችኝ። ስታለቅስ እንደነበር ዓይኗ ይናገራል። ልትሰርቀኝ አልመጣችም፣ ልትለምነኝ ነው የመጣችው። ሦስት ጥቅል ብቻ፣ ከመጨረሻው፣ ማንም ሳያውቅ። እኔም ቁልፉን በሁለት እጄ ይዤ እምቢ አልኳት። ምነው ቁንጫዬ፣ እኔ እኮ እህትሽ ነኝ አለችኝ። ቁንጫ ያወጣችልኝ ስም ነው፣ አልጋ ላይ ስለማላስተኛት። እኔም ልቤ ሲጨነቅ ማለት የሌለብኝን አልኩ።

«ከመጨረሻው የሚወስደው አባባ ብቻ ነው።»

ከዚያ ያን ጥያቄ ጠየቀችኝ። እጁ ሲወጣ ባዶ ነበር ወይስ የያዘው ነገር ነበር?

«ይዞ ነበር» አልኩ። «ያብለጨልጫል። ኪሱ ከተተው።»

አንሶላውን በእጇ ገለል አድርጋ አየችኝ። አልተቆጣችኝም። ግንባሬን ሳመችና «እንግዲህ ጨርሶታል» አለች። ምኑን እንደጨረሰው አልገባኝም።

ፖስታው ውስጥ ከወረቀቷ ጋር የቆየ የጋዜጣ ጥቅል አለ። እናቴ ለዓመታት ሳትከፍተው ይዛው ኖራለች፤ እኔም እስከዚያ ትምህርት ቀን ድረስ አልከፈትኩትም ነበር። ከክፍል ስመለስ ልጄ ራት እያቀረበች ሳለ ፈታሁት። ስድስት ሮንዴላዎች ናቸው፣ ብሎን ሥር የሚገቡት መሐላቸው ቀዳዳ የሆኑ ክብ ብረቶች፣ ዛሬም የሚያበሩ። ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸውና ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። አስራ ሰባትን በሃያ ሰባት አባዛሁ። በወረቀት ላይ፣ መምህርቷ እንዳሳየችን፣ ቁጥር ከቁጥር በታች እየጻፍኩ ሦስት ጊዜ ሠራሁት። ሦስቱንም ጊዜ አራት መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ሆነ።

የአባቴ ገንዘብ የበቃው ለሃያ ሰባት ጥቅል ብቻ ነበር። የቀሩትን ሦስት ባዶ ወረቀት ጠቅልሎ፣ ሲነሡ እንዳይቀሉ ሁለት ሁለት ሮንዴላ ከተተባቸው። በሩን ዘግቶ የቆየው ለዚህ ነው። እህቴ «የመጨረሻዎቹን ሦስት ስጠኝ» ስትለው፣ ከሠላሳው ውስጥ ሊሰጣት የማይችላቸውን ሦስቱን ብቻ ነበር የጠየቀችው። እሁድ እሁድ የሽንኩርት ጆንያ እያወረደ፣ በየሳምንቱ በአንድ ቀን ዋጋ አንድ ባዶ ጥቅል ሞላ። የመጀመሪያው እሁድ ሥራ አላገኘም፣ ያን ማታ ሳይበላ መተኛቱ ትዝ ይለኛል። በሁለተኛው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሞላ። እኔ በማጠፊያው ስንጥቅ ያየሁት የመጨረሻውን ሲሞላ ነው። ገንዘቡን አስገብቶ ሮንዴላዎቹን ሲያወጣ። እጁ ሲገባ አላየሁም። ሲወጣ ብቻ ነው ያየሁት።

ምናለ ደመወዜ አልሞላም ቢላት ኖሮ እላለሁ። ደግሞም ምናለ እኔ አፌን ብይዝ እላለሁ። የመጀመሪያው የእሱ ነው፣ ሁለተኛው የእኔ። ለልጄ ገንዘብ ስሰጣት መዳፌን ዘርግቼ ነው፣ ስንት እንዳለ፣ ስንት እንደጎደለ እየነገርኳት። «እማዬ፣ ሒሳብ አልጠየቅኩሽም» ትለኛለች። ብትስቅብኝም አልተውም።

ሰኞ ማለዳ አባቴ ገና ሳይነጋ ሥራ ሄደ። ሃያ ሰባተኛውን ጥቅል አውጥቼ ለእናቴ ሰጠሁ። እህቴ ጄሪካን ይዛ ወደ ቧንቧው ወጣች። ውሃው ሳይመጣ ረፋድ ሆነ። እናቴ ቧንቧው ድረስ ሄዳ ባዶውን ጄሪካን ይዛ ተመለሰች። ጠባቂው ነበር የሰጣት። አንዲት ሴት ደላላ እህቴን ለወራት ስትጎተጉታት የነበረው፣ በመኪና ሁለት ቀን በሚያስኬድ ከተማ የቤት ሠራተኝነት፣ ለካ መልስ አግኝቷል። ብርድ ልብሷ በአራት ታጥፎ አልጋው ጫፍ ላይ ነበር።

አባቴ ማታ ሲገባ ሳሙና ይሸት ነበር። ቀልድ የያዘው ፊት ነበረው። ማንም ሳይናገር ኮቱን እየሰቀለ ጀመረ።

«አለቃዬን አስፈቅጃለሁ፣ ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት አረፍዳለሁ። ዶክተሯን ራሴ ወስጄ ነው የማስመዘግባት። እዚያ መስኮት ላይ አውራ ጣት የሚያትም አባት አለኝ ብላ ታፍር ይሆናል እንጂ…»

የእናቴ ዓይን ወደ ታጠፈው ብርድ ልብስ ሄደ። አባቴ ዓይኗን ተከተለ።

ቁልፉን ሳይጠይቀኝ ክሩን ከአንገቴ ላይ ሳበው። ሣጥኑን ከፍቶ ሦስቱን ጥቅሎች አወጣ። በጋዜጣው ላይ በጣቱ ጨመቃቸው፣ ለማመን የፈለገ ይመስል። ይዟቸው ወደ መኪና ተራው ሮጠ። ጨልሞ ሲመለስ አሁንም በእጁ ነበሩ። መልሶ ሣጥኑ ውስጥ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከነበሩበት ቦታ አስቀመጣቸው። ቁልፉን አንገቴ ላይ መልሶ አጠለቀልኝ። እኔ አሁንም ሌባ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ስለዚህ ሲያቅፈኝ ገላዬን አደረቅኩበት። አባቴ ይህን አልረሳውም መሰለኝ። እኔም አልረሳሁትም።

በማግስቱ ሃያ ስምንተኛውን አወጣሁ። እናቴ ዳቦ ገዛችበት። ከዚያ ሃያ ዘጠነኛውን፣ ከዚያ ሠላሳኛውን። ሦስቱም ሙሉ ነበሩ። በላናቸው።

እህቴ በሃያ ሰባተኛው ቀን ሄደች። እኔ ቁልፉን አንገቴ ላይ አድርጌ ቀረሁ።